ያልተጠቀለለው ጎድን

በሜምፊስ፣ ከአባቷ ቤት ጓሮ ባለው የጡብ ምድጃ ፊት፣ ኦዜላ ፀጉሯ እስኪሸብት ቆማለች። አባቷን ክሊዮፈስን ጉልበቱ ሲከዳው እሳቱን የተረከበችው እሷ ናት። ምድጃው ግን የእሷ አልሆነም። ሽማግሌው ዛሬ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የእሷንና ከቺካጎ የተመለሰውን የታናሽ ወንድሟን የቴረልን የአሳማ ጎድን ጥብስ ቀምሶ ምድጃውን ለማን እንደሚተው ሊናገር ነው።

የአባቷ ሕግ አንድ ነበር፤ የአሳማ ጎድን እሳት ላይ እያለ በአሉሚኒየም ፎይል አይጠቀለልም። "ስጋ ሕፃን ነው እንዴ፣ የሚታቀፍ?" ይል ነበር።

ከጠዋት ጀምሮ በዝግታ ሲሞቅ የቆየው ስጋ ሰባ ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ሙቀቱ ቀጥ አለ። ኦዜላ አልደነገጠችም። ስጋው እያላበው ነው፤ ላቡ ሲተን እሳቱ የሰጠውን ሙቀት ይዞበት ይሄዳል። ፍም ብትጨምር ደግሞ ውስጡ ሳይበስል ላዩ ይደርቃል። መጠበቅ ነው።

ቴረል የራሱ ጎድን ላይ የጋገረውን ቅርፊት በጥፍሩ ጫር አደረገው። ጠቁሮ ቀልቷል፣ አልተላጠለትም። ፎይሉን ዘርግቶ ጠቀለለው።

"እታለም፣ ያንቺም ቅርፊት ይዟል እኮ። ሳይዝ ቢሆን አትንኪው እልሽ ነበር። አሁን ጠቅልለሽ ላቡን አፍኚው፣ ሙቀቱ ይንቀሳቀሳል።"

"የአባዬን ሕግ ቺካጎ አስረሳችህ?"

"የምሳ እንግዶቹ እየመጡ ነው፣ አንቺ ሴትዮ! ሕግ ልታበያቸው ነው?"

"ፎይልህን አጨማድድ ባክህ።"

እሱ ልክ እንደሆነ ታውቃለች። እጇ ወደ ፎይሉ ሄዶ ተመለሰ።

ምሳ ሲጠራ ቴረል ጥቅሉን ፈታ፤ የራሰው ቅርፊት እንዲደርቅ ጥቂት እሳት ላይ መለሰው። በመቆንጠጫ ሲያነሳው ጎድኑ ጎንበስ ብሎ ላዩ ተሰነጠቀ፤ በስሏል። የእሷ ገና ድርቅ እንዳለ ነው። ጥቂት ቢታገሱት ይደርስ ነበር።

ክሊዮፈስ የእሷን ከጉንጭ ጉንጭ አገላብጦ መሐረብ ውስጥ ተፋው። የቴረልን ገመጠ፤ አጥንቱ ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

"ይሄ ነው ጎድን! ቴረል፣ ምድጃው ያንተ ነው።"

"አባዬ፣ የሱ እኮ የተጠቀለለ ነው" አለች ኦዜላ።

"ቢጠቀለልስ?"

"አይጠቀለልም ያልከኝ አንተ ነህ።"

"ያኔ ጥርስ ነበረኛ፣ ልጄ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቴረል ብቻ ሳህኑን አየ።

ወደ ጓሮ ተመለሰች። ምድጃው ላይ የቀረውን የራሷን ጎድን ብታነሳው ጎንበስ ብሎ ተሰነጠቀ። ቆማ ገመጠች። ቅርፊቱ ጥርስ ላይ ይሰበራል፣ ሥሩ ለስላሳ ነው፣ ጭሱ እስከ አጥንቱ ገብቷል፤ አባቷ በጉልበቱ ዘመን ያበላት ያ ጎድን ነው። ማንን ትጥራ? ሁሉም ጠግቧል።

ቴረል በሩ ላይ ብቅ አለ።

"እታለም፣ ይሄ እሳት ለነገ እንዲያድር የሚዳፈነው እንዴት ነው?"

አፏን ጠራረገች። አካፋውን አንስታ አሳየችው።