ወይዘሮ ተቀባይነት እና የበሩ እጀታ

በትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክፍል ውስጥ «ወይዘሮ ተቀባይነት» የምንላት መምህርት አለች። ፊት ለፊቷ አንላትም፤ እሷ ግን ታውቃለች። ስሙ የወጣላት ፈተና ባወጣች ቁጥር መልሱ ከጥያቄው ስለሚረዝም ነው። እኛ ሌሎቹ መምህራን አጭር መልስ የሚሻ ጥያቄ ስናወጣ መልሱን በአንድ ቃል ጣል አድርገን ወደ ሻያችን እንሮጣለን። እሷ ዋናውን መልስ ትጽፋለች፤ ቀጥላ «ይህም ተቀባይነት አለው» ብላ ተማሪ በራሱ አፍ ሊለው የሚችለውን ሁሉ ትደረድራለች፤ አንዱ ነጥብ ለምኑ፣ ሁለተኛው ለምኑ እንደሚሰጥ ትለያለች፤ በመጨረሻ «ይህ ተቀባይነት የለውም» የሚል ክፍል ታክላለች። ባሏ እንኳን «እወድሻለሁ» ሲላት ምክንያቱን ካልጨመረ ግማሹን የምትቆርጥበት ይመስለኛል።

ብንስቅባትም ነገሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። እሷ ከመምጣቷ በፊት አንድ ወረቀት እኔ ጋ ሙሉ ነጥብ፣ ጎኔ የተቀመጠው ጋ ዜሮ ያገኝ ነበር። የተማሪው ዕጣ ፈንታ ወረቀቱ በማን ጠረጴዛ ላይ እንዳረፈና ያ ሰው ምሳ በልቶ እንደሆነ ታይቶ የሚወሰን ጉዳይ ነበር። እሷ መጥታ አንድ ሕግ አስለመደችን፤ የእርማት መመሪያው ላይ የሌለ ግን ልክ የሚመስል መልስ ያገኘ ሰው ጮክ ብሎ ያነባል፣ ጠረጴዛው ይመክርበታል፣ ከተስማማን መመሪያው ላይ ይጨመርና ቀድሞ የታረመው ሁሉ ተመልሶ ይታያል። ይህችን «ተመልሶ ይታያል» የምትለዋን እንደ ሕመም ነው የምንፈራት።

ዘንድሮ ለልዩ የሳይንስ ክፍል የሚመረጡትን የሚለይ ፈተና ነበር። ልዩ የሚባለው ዕቃ ያለው ቤተ ሙከራና በሰዓቱ የሚገባ መምህር ስላለው ነው፤ በሌላ አነጋገር እኔ አላስተምርበትም። ጥያቄውን የምታወጣው ወይዘሮ ተቀባይነት ናት፤ የእህቷ ልጅ ደግሞ ትፈተን ነበር። እህትየዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች፣ ልጅቷ እንድታጠና ብላ ዓመቱን ሙሉ የስፌት መኪናዋን ኮሪደር አውጥታ የሰራች። ወይዘሮ ተቀባይነት ይህን ደብቃ አልያዘችም፤ ቀድማ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባች።

«የእህቴ ልጅ ትፈተናለች። ጥያቄውን ሌላ ሰው ያውጣው።»

«እዚህ ከተማ ውስጥ ዘመድ የማይፈተንበት መምህር ካገኘሽ አምጪውና ወንበሬን ልልቀቅለት» አላት። «ወረቀቱ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። ይልቅ ሥራሽን ሥሪ!»

በሥነ ምግባር ጉዳይ ርዕሰ መምህራችን እንዲህ ጥልቅ ሰው ነው።

በእርማቱ ቀን ጠዋት ሁላችን አንድ ረጅም ጠረጴዛ ከበብን። ሰባተኛው ጥያቄ የሁለት ነጥብ ነበር። «በአንድ ክፍል ውስጥ የብረት የበር እጀታ ስንይዝ ከእንጨቱ በር ይልቅ የሚቀዘቅዘን ለምንድን ነው?» ዋናው መልስ፦ ብረት ሙቀትን ከእንጨት በተሻለ ስለሚያስተላልፍ የእጃችንን ሙቀት ቶሎ ይወስዳል። አንድ ነጥብ ሙቀት ከእጅ ወደ እጀታው እንደሚሄድ ለተናገረ፣ አንድ ነጥብ በብረት በኩል እንደሚፈጥን ለተናገረ። «ይስባል»፣ «ይወስዳል»፣ «ያሳልፋል» ቢሉም ያው ነው። ተቀባይነት የሌለው፦ «ቀዝቃዛ ነው» ወይም «ይቀዘቅዛል» የሚል ማንኛውም መልስ። ክፍሉ ውስጥ የቆዩት ብረትም እንጨትም የሙቀት መጠናቸው እኩል ነውና።

ከመካከላችን «ባቡሩ» የምንለው አለ፤ ሲያርም ፌርማታ አያውቅም። እሱ ድንገት ቆመ።

«እዚህች ጋ ትንሽ ጉድ አለች» ብሎ አነበበ። «‹ብረቱና እንጨቱ እኩል ናቸው። የሚቀዘቅዘው እጄ ነው፤ ብረት ላይ ቶሎ ይቀዘቅዛል።› መመሪያው ላይ ‹ይቀዘቅዛል› ካለ አይሰጥም ይላል። ዜሮ ነው አይደል?»

ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። እንዲህ ያለ መልስ ሲመጣ ከወንበሯ ተነስታ የምትሟገተው እሷ ናት፤ እኛ ዓመታት ሙሉ ማሰቡን ለእሷ ትተን ኖረናል። እሷ ወረቀቱን አየችና ፊቷ ተለዋወጠ። እጅ ጽሑፉን ለይታዋለች፤ የእህቷን ልጅ ፊደል ያስቆጠረቻት እሷው ነች።

«አንቺ ምን ትያለሽ?» አላት ባቡሩ።

«እናንተ ወስኑ» አለችና አንገቷን ደፋች።

እኛም የሰለጠንን ባለሙያዎች ስለሆንን በሁለት ትንፋሽ ወሰንን። ዜሮ። ባቡሩ ደመረና «ወይ ነዶ! ማለፊያው ሊሞላ አንድ ነጥብ ጎደለው» ብሎ ወረቀቱን ክምሩ ላይ ጣለው።

ከሰዓት በኋላ ከእኔ ክምር ውስጥ ሌላ ወረቀት ወጣ። ጽሑፉ ዶሮ የጫረው ነው፤ አሳሩን የሚያይ ልጅ መሆኑ ያስታውቃል። «ብረቱ አይደለም የሚቀዘቅዘው፣ እጃችን ነው። በብረት ይፈጥናል» ይላል። ሕጉ ሕግ ነውና አነበብኩት።

«ጠዋት ዜሮ ያልነው አይደል?» አለ ባቡሩ። «ቀጥል።»

«አትቀጥል!» ብላ ተነሳች። «ልክ ነው። እጅ ቀዘቀዘ ማለት ሙቀት ከእጅ ወጣ ማለት ነው፤ አንድ ነጥብ። በብረት ይፈጥናል ብሏል፤ ሁለት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የከለከልኩት ብረቱ ራሱ ቀዝቃዛ ነው የሚለውን መሆን ነበረበት፤ እኔ ቃሉን ብቻ አይቼ በጅምላ ጻፍኩት። ሌላም ነገር ስሙኝ። የጠዋቱ ወረቀት የእህቴ ልጅ ነው። አሁን እወጣለሁ፤ ያለ እኔ ወስኑ።»

በሩን ዘግታ ወጣች። ባቡሩ ጭንቅላቱን ያዘ፤ ስለ ፍትሕ ሳይሆን ስለ ክምሩ። ቢሆንም መልሱን እያገላበጥን ብናየው ልክ መሆኑን ማንም ሊክድ አልቻለም። መመሪያው ተስተካከለ፣ ወረቀቱ ሁሉ ተመልሶ ታየ፣ በዚያ መልስ ነጥብ የተነፈጉ ሌሎችም ተገኙ። ልጅቷ አለፈች። ያ ጽሑፉ ዶሮ የጫረው ልጅም አለፈ።

በማግስቱ መምህራን ክፍል ውስጥ ወሬው ደርቶ ነበር። «ለእህቷ ልጅ ስትል መልስ አስቀየረች» ይባላል። ከወሬኞቹ አንዱ ራሱ ድምፅ የሰጠው ባቡሩ ነው፤ ሰው ነጥብ ጨምሮ ሲያበቃ ማማትም መብቱ ነው።

እሷን ለብቻዋ ተቀምጣ አገኘኋት። «ይኼን ወሬ ተይው፤ እህትሽ ቤትስ ደስታ አይደል?» አልኳት።

«ሁሉንም ነገርኳቸው» አለችኝ። አልዋሽም ብላ የጠዋቱን ዝምታ ሳይቀር መናገሯ ነው። «እህቴ አቅፋኝ አለቀሰች። ልጅቷ ግን ‹አክስቴ፣ ጠዋት ልክ መሆኑን አውቀሽ ነበር?› አለችኝ። አዎ አልኳት።»

«እሺ?»

«‹ያኛው ልጅ ባይጽፈውስ ዝም ትይ ነበር?› አለችኝ።»

ምን ብላ እንደመለሰችላት ጠየቅኳት። ልጅቷ መልሱን ሳትጠብቅ ከሶፋው ተነስታ ክፍሏ ገብታለች፤ እስካሁን አላናገረቻትም።