መንገድ ሄዷል ያልኩት ባሌ

ከወልዲያ የወጣን ለት የባሌን ጫማ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ከቆቦ በኩል የመድፉ ድምፅ እየቀረበ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ፍራሽ ተሸክሞ ወደ አስፋልቱ ሲወርድ፣ ሰይድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። «ተነሳ እንጂ» ስለው «አንቺ ሂጂ» ይለኛል። ተንበርክኬ ክሩን አሰርኩለትና ክንዱን ይዤ አወጣሁት። ጎረቤቴ አይሱዙ ላይ ሆና «ባልሽ ምን ሆነ?» ብላ ጮኸች። «ወገቡን አሞት ነው» አልኳት። እንዲህ ብዬ ስዋሽ የመጀመሪያዬ አልነበረም።

እናንተ ወልዲያ ያላችሁት ሰይድን የምታውቁት በሳቁ ነው። ፊዚክስ እያስተማረ ክፍሉን በሳቅ የሚያፈርስ ሰው ነበር። በመጀመሪያው ዙር ጦርነት፣ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ሲል፣ ከድር የሚባል የውርጌሳ ልጅ «መምህር፣ ልቆይ ወይስ ልሂድ?» ብሎ ጠየቀው። «መንገዱ ሳይዘጋ አባትህ ጋ ግባ» አለው። ልጁ መንገድ ላይ ተመቶ ቀረ። ሰይድ አላለቀሰም፤ ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር። ምግብ አልጥም አለው፣ ጎህ ሳይቀድ እየነቃ ይቀመጣል፣ ሲያናግሩት መልሱ ከሩቅ ይመጣል። ለቅሶውም አልደረሰም። እኔ ሄድኩ። የከድር አባት አባ ሙሄ «መምህሩስ?» ሲሉኝ «መንገድ ሄዷል» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ በየለቅሶው የምለው ይህንኑ ሆነ።

ሸሽተን ያረፍንባት መርሳ ለወልዲያ ቅርብ ናት፤ ግን ለእኔ ሌላ አገር ነበረች። የወልዲያ ንፋስ የለም፤ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ይጠመጠማል። ሰዉ ፓፓያ በነፃ ያሸክማል፤ የማሽላ እንጀራውን ግን ለመልመድ ጊዜ ወሰደብኝ። ቤት ያከራዩን እትዬ ዘምዘም ግራና ከሚባለው ቦታ እርሻቸው ላይ ይኖራሉ፤ ገበያ ሲወጡ ብቻ ብቅ ይላሉ። ቤቱን ያስረከቡን ዕለት ሰይድ ገብቶ ጋደም ሲል አዩት።

«ባልሽ ምን ይሠራል?»

«አስተማሪ ነው፤ ትምህርት ተዘግቶ ነው።»

«ትምህርት ሲዘጋ ዓይንም አብሮ ይዘጋል?»

ተፈናቃይ የሚመዘግበው ሰውዬም አልተሻለም። አባወራው ራሱ ቀርቦ ይፈርም አለኝ።

«መምጣት አይችልም።»

«አለ ወይስ የለም?»

«አለ... ግን የለም።»

«እህቴ፣ ካለ ይምጣ፤ ከሌለ ይሰረዝ። መሐል ላይ ላለ ሰው ቅጽ የለንም» አለኝ። ወጥቼ በሳቅ ፈረስኩ፤ ከዚያ አጥር ተደግፌ አለቀስኩ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ገበያው ውስጥ ያለች አንዲት ልብስ ሰፊ ትርፍ የስፌት መኪና አላት፤ ነይ ብትለኝ እንዴት ትቼው ልሂድ ብዬ እምቢ አልኩ። ጠዋት ፊቱን አጥበዋለሁ፣ አጎርሰዋለሁ፣ በስልኩ ለወንድሙ ለአህመድ «ደህና ነኝ» ብዬ በእሱ ስም እጽፋለሁ። ሲተኛ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። ሰው ሲያንኳኳ በር ላይ ወጥቼ እመልሳለሁ። በወሩ ቀሚሴ ሰፋኝ፣ ጸጉሬ ማበጠሪያው ላይ ቀረ። የሚገርመው፣ እኔ በበረታሁ ቁጥር እሱ ይብስ ነበር። በመጨረሻ ውኃ እንኳ ራሱ ቀድቶ አይጠጣም።

አንድ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። አባ ሙሄ ከጎረቤት ከተማ ከውርጌሳ መጥተው፣ ነጭ ለብሰው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሦስት ሽማግሌዎችና ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። አገራችን ውስጥ በማለዳ እንዲህ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። የእናቴ መርዶ መስሎኝ ስሟን ጠራሁ።

«ተቀመጪ ልጄ» አሉኝ አባ ሙሄ። «ዓመት ሙሉ መንገድ ሄዷል አልሽን። እኛም ልጅ የቀበርን ነን፤ እናውቃለን። ብቻሽን አትደብቂው። ኢና ሊላሂ በይ።»

ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። መርዶው የሰይድ ነበር። ሰይድ ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቶ የራሱን ለቅሶ ይሰማል። «አልሞተም» ያልኩት በለቅሶው ተዋጠ። አባ ሙሄ እጃቸውን ዘርግተው «ያ ረቢ፣ ልጄን በፍቅር ያስተማረልኝን ሰው ማርልኝ» ብለው ዱዓ ሲያደርጉ መጋረጃው ተነቃነቀ። ሰይድ ወጣ፤ ባዶ እግሩን፣ ጺሙ ደረቱ ላይ ደርሶ። አንዷ ሴት «ቢስሚላህ!» ብላ ወደ ኋላ ወደቀች።

«አባ ሙሄ፣ አልሞትኩም» አለ። «ግን ብሞት እያልኩ ነው የከረምኩት። ከድርን ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ።»

 አባ ሙሄ ተነስተው አስቀመጡትና አጠገቡ ተቀመጡ። «እኔም ና ብዬ ደውዬለት ነበር» አሉት። ሰይድ ያን ቀን አለቀሰ። ግን አልዳነም፤ አንድ ለቅሶ በሽታ አይፈውስም። የገባኝ ሌላ ነገር ነው። ክብሩን እጠብቃለሁ ብዬ፣ አጠገቡ ሊቀመጥ የሚችለውን ሰው ሁሉ በሩ ላይ ስመልስ ኖሬያለሁ።

በማግስቱ አባ ሙሄ ጤና ጣቢያ ይዘውን ሄዱ። ነርሷ ዝቅ ባለ ድምፅ ፊት ለፊት ጠየቀችው። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። እሱ ግን እንደተገላገለ ሰው ተንፍሶ «አዎ» አለ። ቤት ያለው መድኃኒት አባ ሙሄ እጅ እንዲሆን፣ ለጊዜው ብቻውን እንዳይውል፣ ሐሳቡ ከበረታ በማንኛውም ሰዓት እንድናመጣው ነገረችን። የሰጠችን ክኒን ለመሥራት ሳምንታት ይፈጃል፤ ሲሻለውም ሳትጠይቁ አታቋርጡ አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺስ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው?»

«ትናንት ትንሽ ተኝቷል።»

«የጠየቅኩት አንቺን ነው።»

ሌሊት ትንፋሹን እንደማዳምጥ፣ ጠዋት እንደማጎርሰው ነገርኳት።

«ማጉረስሽን ተዪ» አለችኝ። «የሚችለውን ራሱ ያድርግ፣ ትንሽም ብትሆን። ጥበቃውን ከሰው ጋር ተካፈዪው፤ አንቺም ሥራሽን ጀምሪ። አጋሩ ነሽ እንጂ መድኃኒቱ አይደለሽም።» ተናደድኩባት። እኔ ባልኖር ይሞት ነበር አልኳት። «ሊሆን ይችላል» አለችኝ፤ «ግን እንዲህ ከቀጠልሽ ሁለት በሽተኛ ይመጣልኛል።»

ለአህመድ ደውዬ እውነቱን ነገርኩት፤ ሰደበኝ፣ ከዚያ መጣ። ከአባ ሙሄ ጋር ቀን ተከፋፈሉ። መጀመሪያ ሥራ የገባሁ ቀን መርፌው ሁለቴ ጣቴን ወጋኝ፤ ምሳ ሳይደርስ ሮጬ ቤት ገባሁ። ሰይድ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ጫማውን ራሱ አስሯል፤ አንደኛው ክር ተጣሞ፣ ሌላው ተንጠልጥሎ። ላስተካክልለት እጄን ዘረጋሁና መለስኩት።

አሁን ወልዲያ ሰላም ገብቶ ትምህርት ተከፍቷል። ሰይድ ከአህመድ ጋር እዚያ ነው፤ ክኒኑን አልተወም፣ ጥቂት ክፍል ያስተምራል። እኔ የሠርግ ልብስ ስፌት ይዤ መርሳ ቀረሁ። ለምን አብረሽው አልተመለስሽም የምትሉኝ አላችሁ። ወድጄ ነው የቀረሁት፤ ትንፋሹን ሳላዳምጥ መተኛት ገና እየተማርኩ ነው። ይናፍቀኛል።

ትናንት አመሻሹ ላይ ደወለ።

«ዛሬ ከብዶኛል» አለኝ።

«ስለ መሞት እያሰብክ ነው?»

«አይ፣ እሱ አይደለም። ከድር ትዝ ብሎኝ ነው። አህመድም አጠገቤ ነው፤ ነገ እዚህ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።»

ስልኩን ለአህመድ ስጠው አልኩት። እውነት መሆኑን ነገረኝ፤ ዛሬ አብሮት እንደሚያድርም። ስልኩ ወደ ሰይድ ተመለሰ።

«አንቺስ ደህና ነሽ?» አለኝ። ይህን ከጠየቀኝ ስንት ጊዜው!

«ናፍቀኸኛል። ደክሞኛልም» አልኩት።

«እንግዲያው ተኚ» አለኝ።

ስልኩ ሲዘጋ ወደ እግሬ አየሁ። እያወራን ሳለ፣ ሳላውቀው፣ ለወልዲያ መንገድ ጫማዬን አስሬያለሁ።  ከዚያ አንዱን ክር ፈታሁ፤ ሁለተኛውን ግን ለመፍታት እጄ እምቢ አለኝ።