የገቢ ምንጭ የሌላት ደንበኛ

ኢየሩስ ስድስት ኪሎ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ለትምህርቷ ሊረዳት የተስማማ ድርጅት በስሟ በቼክ የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ሂሳብ እንድትከፍት ስለጠየቃት፣ የቀበሌ መታወቂያዋንና ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዛ ፒያሳ ካለ አንድ ባንክ ሄደች። «ያለ ፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ አይሆንም» ብለው መለሷት።

በማግስቱ የፋይዳ ቁጥሯን ይዛ ተመለሰች። የማረጋገጫው ኮድ ግን የሚላከው ስትመዘገብ ወዳስያዘችው ስልክ ነው፤ ስልኩ ደግሞ አዲግራት ያለው የወንድሟ የጎይቶም ነው። ብትደውል ዝግ ነው። ወረፋዋን ለቃ ሁለት ጊዜ ተሰለፈች። ጎይቶም በመጨረሻ አንስቶ ኮዱን እስኪያነብላት ጊዜው አለፈበት፤ እንደገና ተልኮ ሠራ።

ቅጹ ላይ «የገቢ ምንጭ» ከሚለው ፊት «የለኝም» ብላ ጻፈች። ወጣቱ ሠራተኛ ቅጹን መለሰላት።

«ገቢ ለሌለው ሰው ተንቀሳቃሽ አይከፈትም።»

«ተማሪ ነኝ እኮ! ከየት ላምጣ?» ድምፅዋ ሲሰማ አዳራሹ ሁሉ ዞረ። እንባዋን ዋጠች።

የክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ሰርክአዲስ ቅጹን አነሱ። «ልጁ ተሳስቷል። ሥራ የሚለው ላይ ተማሪ፣ ምንጩ ላይ የቤተሰብ ድጋፍ በይ። የተማሪ መታወቂያሽንና ከዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ታመጫለሽ።»

«ይሄን ትናንት ቢነግሩኝ ምን ነበረበት እትዬ?»

«እውነትሽን ነው» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

ደብዳቤው ሁለት ቀን ፈጀ። ከዚያ የፊርማ ናሙና ሰጠች፤ ጎይቶም የላከላትን የመክፈቻ ገንዘብ አስገብታ የሂሳብ ቁጥሯን ተቀበለች።

«የቼክ ደብተሩስ?» አለች።

«እሱ ለብቻው ይጠየቃል» አላት ወጣቱ ሠራተኛ።

ኢየሩስ ሌላ ቅጽ እንዲሰጣት እጇን ዘረጋች።