ስጦታዋ አያቷ የሆነላት ልጅ

አያቴ ማታ ማታ የሚነግረኝ ተረት አንድ ብቻ ነበር። አንዲት ትንሽ ልጅ ለእንቁጣጣሽ ስጦታ ትለምናለች፤ አያቷ በስጦታው ፈንታ ከእሱ ጋር የምትውልበት አንድ ሙሉ ቀን ይሰጣታል፤ እሷም በመጨረሻ ከስጦታ ሁሉ የሚበልጠው ከአያት ጋር የዋሉት ቀን ነው ትላለች። ይህን ተረት ማን እንደፈጠረው ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ከሳሹም፣ ዳኛውም፣ ስጦታውም ራሱ አያቴ ነበር።

የድሬዳዋ ሙቀት ቤት ውስጥ አያስተኛም፤ አልጋችን ወደ ግቢ ይወጣል። እኔ አጎበር ውስጥ እጋደማለሁ፣ እሱ ሽርጡን አገልድሞ አጠገቤ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ተረቱ የራሱ ደንብ ነበረው። ልጅቷ የምትለምነው ምንጊዜም እኔ በዚያ ሰሞን የለመንኩትን ነው፤ ቀይ ጫማ ካማረኝ እሷም ቀይ ጫማ ያምራታል። በየመሃሉ "እሺ" ካላልኩ ተኝቻለሁ ማለት ነው፤ እሱም ተገላግሎ ይነሳል። አንዲት ቃል ከለወጠ ግን አስቆመዋለሁ። የምወደው ቦታ ደግሞ ነበረ፦ አያትየው ልጅቷን ይዞ ባቡር ወደሚጠገንበት ግቢ ይገባል፣ ሠራተኛው ሁሉ ባርኔጣውን ያነሳለታል፣ እሷም ባቡሩ ላይ ወጥታ የፊሽካውን ገመድ ትስባለች። አያቴ ዕድሜውን የእንፋሎት ባቡር ላይ እሳት ሲያነድ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ በተረቱ ውስጥ ግን ከጣቢያው አለቃ አያንስም ነበር።

አንድ ዓመት ከዚራ ሰፈር ካለ የግሪክ ሱቅ መስተዋት ውስጥ፣ ስትጋደም ዓይኗን የምትከድን አሻንጉሊት አየሁና ቤቱን በለቅሶ አወክሁት። ማታውኑ የተረቱ ልጅም አሻንጉሊት አማራት። ተረቱ ሲያልቅ፣

"እሺ፣ አሻንጉሊቷ ትቅር። ቀኑን ስጠኝ" አልኩት።

ሽርጡን ማጥበቅ ጀመረ። እናቴ ከአልጋዋ ሆና ሳቀች፦ "አቦ ስጣት እንጂ አባዬ! ምን ሥራ አለህ?"

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በማግስቱ ካኪውን አስተኩሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ እጄን ይዞ ወጣ። የጥገናው ግቢ በር ላይ የቆመው ዘበኛ ልጅ እግር ነበር።

"ምን ፈልገው ነው፣ አባት?" አለው።

ድሬ ላይ ሁሉም ሰው "አንተ" ይባባላል፤ አንቱታ ለማያውቁት እንግዳ ነው።

"እዚህ ነው እኮ ያረጀሁት፣ ልጄ። ይቺ ልጅ ፊሽካ ትንፋና እንወጣለን።"

"የመግቢያ ወረቀት አለዎት?"

"የኔ ባቡር ውስጥ አለ።"

"የእንፋሎቶቹ ተነሥተዋል፣ አባት። አሁን ናፍጣ ነው።"

አያቴ በሩን ትንሽ አየው። "ጥላ እንፈልግ" አለኝ።

እዚህ ላይ ሌላ ጸሐፊ ቢሆን አያቴን ዛፍ ሥር አስቀምጦ ጥበብ ያናግረው ነበር። የኔ አያት አኮረፈ። በለስ ገዛልኝ፤ ቸኩዬ ያልተላጠውን ስጨብጥ እሾሁ እጄን ሞላው፤ እሱም እያጉረመረመ በጥፍሩ አንድ በአንድ ሲነቅልልኝ ረፈደ። የናፍጣው ባቡር ሲያልፍ፣ "ይሄ ያስነጥሰዋል እንጂ መች ይጮሃል!" ብሎ ተሳደበ። ቀትር ላይ ጫቱ ገባ፣ ከተማው ለመቃም ተቀምጦ ዝም አለ፣ ጓደኞቹም ከበረንዳ ሆነው ጠሩት። "ዛሬ የልጅቷ ቀን ነው" ብሎ አለፋቸው። የልጅቷ ቀን! ልጅቷ እኮ በመሰልቸት ልትሞት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የማስበው አሻንጉሊቷን ነው።

ማታ በርጩማው ላይ ተቀመጠና ጀመረ። ልጅቷ አሻንጉሊት ለመነች፣ አያቷ ቀን ሰጣት፣ ተያይዘው ሄዱ። በሩ ጋ ሲደርስ ድምፁ ሰለለ።

"ዘበኛውም... ማን ነህ? አለው።"

"አይደለም!" ብዬ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። "ዘበኛው ሲያየው ሮጦ በሩን ከፈተ!"

አላረመኝም። እኔው ቀጠልኩ፤ አስገባሁት፣ ሰላምታ አሰጠሁት፣ ባቡሩን ከነጭሱ መለስኩለት። መጨረሻው ላይ ስደርስ ቆምኩ።

"ከዚያስ ልጅቷ ምን አለች?" አለኝ።

"ከአሻንጉሊት ይበልጣል አለች።"

"እውነቷን ነው?"

ተረት ነጋሪ እንዲህ አይጠይቅም፤ ሊያስደስተኝ ሳይሆን ሊያውቅ ፈልጎ ነው የጠየቀኝ። "እውነቷን ነው" አልኩት። ልዋሸው ነበር የጀመርኩት፤ ቃሉ ግን አፌ ውስጥ እውነት ሆነብኝና አያቴ በጣም አሳዘነኝ፣ በጣምም ወደድኩት። አሻንጉሊቷን ከዚያ ወዲያ አልለመንኩም።