መሃሉ ላይ ስፌት አለ

ኤልባ ማንሲያ ጽሑፍ የምታርመው ጮክ ብላ እያነበበች ነው። ድሮ አድማጭ ነበራት። እህቷ ኔሊ ድንች እየላጠች ታዳምጣትና ያልጣማት ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ቢላዋዋን አቁማ፣ «እንዲህ ብሎ የሚያወራ ማነው?» ትላለች። ኔሊ መጋቢት ላይ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ኤልባ የምታነበው ለማድቤቱ ግድግዳ ነው። ግድግዳ ደግሞ ምንም ቢነበብለት አይከፋውም።

ቤቷ በደሴት ላይ በምትገኘው በአንኩድ ከተማ፣ ከወደቡ በላይ ባለው አቀበት ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት ሠርታ ጡረታ ከወጣች በኋላ፣ የደሴቲቱ ሴቶች የሚሸምኑትን የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሸጥ ትንሽ ድርጅት የማስታወቂያ ጽሑፍ ታርማለች። የድርጅቱ ባለቤት ጋስፓር፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው ቸኳይ ሰው ነው። ከበልግ ጀምሮ ጽሑፉን መጀመሪያ የሚያስጽፈው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው።

በሐምሌ ወር በአንዱ ማክሰኞ ደወለላት፤ «ዶኛ» የሚላት ለአክብሮት ነው።

«ዶኛ ኤልባ፣ ለክረምቱ ካታሎግ ሃያ ሁለት ጽሑፍ ልኬልዎታለሁ። ማሽኑ ቡናዬን ሳልጨርስ ነው የጨረሰው። ትንሽ ነፍስ ይዝሩበት።»

«ነፍስ መዝራት የእኔ ሥራ አይደለም ልጄ። ለመቼ ነው?»

«ለሐሙስ ማታ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ይሄ ፈተና ነው። ልዩነቱ ካልታየኝ ለሚቀጥለው ማሽኑ ብቻውን ይበቃኛል።»

ኤልባ የፈራችው ለክፍያው አልነበረም፤ ጡረታዋ ያኖራታል። የፈራችው ለሐሙሷ ነው። ሐሙስ ሐሙስ፣ የምትጽፈውን ለማጣራት ወደ ሸማኔዋ ወደ ኡቤርሊንዳ ትደውላለች። ዳቦ ሻጩ ከሚላት «ሌላስ?» በቀር በሳምንት ውስጥ ከሰው ጋር የምታወራው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሥራው ከቀረ የምትደውልበት ምክንያት ይቀራል። ያለ ምክንያት ሰው ቤት መደወል ደግሞ አታውቅበትም።

የመጀመሪያውን ጽሑፍ ከፍታ ለግድግዳው አነበበች።

«ከትውልድ ወደ ትውልድ በተላለፈ ጥበብ የተሠራው ይህ ልዩ ብርድ ልብስ ወደር የለሽ ምቾትን ከውበት ጋር በማጣመር ቤትዎን ሙቀት ያላብሳል። እንከን የለሽ፣ ስፌት አልባ አጨራረስ።»

የኤልባ መፈተኛ ቀላል ነው። «ብርድ ልብስ» የሚለውን አውጥታ «ፍራሽ» ታስገባለች፤ ከዚያ «ምንጣፍ»፤ ከዚያ «ምድጃ»። ዓረፍተ ነገሩ ለሁሉም ከሠራ ለአንዱም አልተጻፈምና ትሰርዘዋለች። ከዚህ ጽሑፍ አንድም ቃል አልተረፈም።

ከኮምፒውተሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ፣ የድርጅቱ አነጋገር ምን መምሰል እንዳለበት የጻፈችበት አንድ ገጽ ተለጥፏል። ገዢው ሁልጊዜ «እርስዎ» ይባላል። ዕቃው «ብርድ ልብስ» እንጂ አንዴ «ምርት» አንዴ «ፈጠራ» አይባልም። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው። መጀመሪያ የሚታየውና የሚዳሰሰው፣ ቀጥሎ ጉድለቱ፣ መጨረሻ አጠባበቁ ይነገራል። ቀልድ ከመጣ አንድ ብቻ፤ እሱም በገዢው ላይ አይሆንም። ገጹ ከመጻፉ በፊት ድርጅቱ በአንዱ ጽሑፍ እንደ ባንክ፣ በሌላው እንደ ሰከረ አጎት ነበር የሚያወራው።

ሐሙስ ጠዋት ለኡቤርሊንዳ ደወለች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልትጠይቂኝ ነው?» አለች ኡቤርሊንዳ። «የበጎቼን ስም?»

«ስም አላቸው እንዴ?»

«አንዷ አላት። ጠባይዋ ነው ያሰጣት፤ በስልክ አይነገርም።»

ኤልባ ሳቀች። የገዛ ሳቋ እንግዳ ሆነባት።

ስለ ግራጫው ብርድ ልብስ ጠየቀቻት። ሱፉ ቀለም አልነካውም፤ ግራጫው የበጎቹ ነው። ክብደቱ አራት ኪሎ ነው። ከመፍተሉ ጋር አምስት ሳምንት ይፈጃል። በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል።

«ሲርስ በግ በግ ይሸታል፤ ይሄንንም ጻፊ» አለች ኡቤርሊንዳ። «አለዚያ የተበላሸ መስሏቸው ይደውሉልሻል።»

«ሲሸምኑትስ እንዴት ነው የሚቀመጡት?»

መልሱ ሳይመጣ መስመሩ ተቋረጠ። ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ ከባሕሩ በኩል በርትቶ ነበር። አምስት ጊዜ ሞከረች፤ አልገባም። ቀኑ መሽቶ ጽሑፉ መላክ ነበረበት። ለሃያ አንዱ የሚሆን በቂ ማስታወሻ ነበራት። የግራጫው ግን መካከሉ ላይ ባዶ ቀርቷል። እጇ በራሱ ሞላው፦

«ሁለት እህትማማቾች መሬት ላይ በተዘረጋው መሸመኛ ፊት ጎን ለጎን ተንበርክከው ይሠሩታል።»

ጮክ ብላ አነበበችው። ጥሩ ነበር። ላከችው።

ጋስፓር በነጋታው በደስታ ደወለ። «ያቺ የእህትማማቾቹ! ዶኛ ኤልባ፣ እሷ የፊት ገጹ ላይ ትወጣለች። ማሽኑ ሺህ ዓመት ቢጽፍ እሷን አያመጣትም።»

ለአንድ ሳምንት ቀለል ብሏት ከረመች። ካታሎጉ ዓርብ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሐሙስ ለኡቤርሊንዳ ደወለችና ጽሑፉን አነበበችላት።

«የትኞቹ እህትማማቾች?» አለች ኡቤርሊንዳ።

ኤልባ ዓረፍተ ነገሩን ደግማ አነበበችላት።

«እኔ ብቻዬን ነኝ ልጄ። ወገቤን ጠይቂው። መሸመኛው እጄ ከሚደርስበት አይሰፋም፤ ስለዚህ ግማሹን እሠራለሁ፣ ሌላውን ግማሽ እሠራለሁ፣ ከዚያ መሃሉ ላይ እሰፋዋለሁ። አጠገቤ ሌላ ሰው ቢኖርማ ስፌት ለምን ያስፈልገኝ ነበር?» ከዚያ፣ «አንቺ እህት ነበረችሽ?» አለች።

«መጋቢት ላይ ሞተች።»

«እንግዲያው እሷ ናት የገባችው» አለች ኡቤርሊንዳ፣ ሳትቆጣ። «ግን ብርድ ልብሱ የእኔ ነው።»

ኤልባ ስልኩን ከዘጋች በኋላ የማሽኑን የመጀመሪያ ጽሑፍ ከፈተች። «ስፌት አልባ» ይላል። ያን ቀን የሰረዘችው ባዶ ቃል ስለመሰላት ነበር፤ ውሸት መሆኑን አላየችም። የእሷ ውሸት ደግሞ ባሰ። የማሽኑን ማንም አያምነውም፤ የእሷ ግን የተንበረከከ ጉልበትና መሬት ስላለበት ይታመናል።

ለጋስፓር ደወለች።

«የእህትማማቾቹ ዓረፍተ ነገር ይውጣ። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«ዶኛ ኤልባ፣ ነገ እኮ ነው የሚታተመው። ማን ያውቃል ደግሞ?»

«ኡቤርሊንዳ።»

«በእሷ ቦታ ምን ይገባል?»

አነበበችለት፦ «አንዲት ሴት ብቻዋን ተንበርክካ ትሸምነዋለች። እጇ እስከሚደርስ ድረስ ግማሹን፣ ከዚያ ሌላውን ግማሽ። መሃሉ ላይ ስፌት አለ፤ በጣትዎ ያገኙታል።»

«ስፌትማ እንከን ነው ይላሉ ገዢዎች።»

«በልግ ላይ የማሽኑን ጽሑፍ እንዳለ ስታወጣው ስንት ሰው ብርድ ልብሱን መለሰልህ?»

«ሦስት» አለ ጋስፓር። «ሦስቱም ‹ስፌት አለው› ብለው ነው የመለሱት።»

«እንከኑ የነበረው ጽሑፉ ላይ ነው።»

ጋስፓር ተነፈሰ። «ይሁን። ግን የፊት ገጹ ላይ አላወጣውም።» ከዚያ እያመነታ ቀጠለ። «ያችን የአነጋገር ገጽ ይላኩልኝ። ለማሽኑ እሰጠዋለሁ፤ ከእንግዲህ በእኛ አነጋገር ይጽፋል። እርስዎ እውነት መሆኑን ብቻ ያጣሩልኛል። ሥራው በግማሽ ይቀንሳል።»

«ማጣራቱ ከማን ነው?»

«ከሸማኔዎቹ ነዋ። ከሌላ ከማን?»

ገጹን ከግድግዳው ላይ አንስታ ስትልክለት ከዓመታት ሥራዋ የቀራት አንድ ጥያቄ ብቻ መሆኑ ገባት። ይህ እውነት ነው? የሚመጣው ሐሙስ ሲደርስ ማሽኑ የጻፋቸውን አራት አዳዲስ ጽሑፎች ይዛ ተቀመጠች። አነጋገራቸው የእሷው ነበር፤ አጭር፣ «እርስዎ» የሚል፣ ጉድለቱን የማይደብቅ። አንዱ፣ ቢጫው ቀለም ከሽንኩርት ልጣጭ የመጣ ነው ይላል። ከሥሩ አሰመረችበትና ለኡቤርሊንዳ ደወለች።

ስልኩ ረጅም ጊዜ ጠራ። ኡቤርሊንዳ ከበጎቹ ጋር ትሆናለች። ኤልባ አልዘጋችም፤ እርሳሱን ይዛ የጥሪውን ድምፅ ማዳመጧን ቀጠለች።