ሦስቱ መብራቶችና የወንጂው ልጅ

ይህን የምጽፈው ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ከዚያ በፊት የማትሪክ ውጤቴን እየጠበቅኩ ናዝሬት ውስጥ በአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት የሾፌርነት ሥልጠና ገብቼ ነበር። ግቢው ወደ ሞጆ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ የታጠረ፣ መሬቱ በናፍጣና በአቧራ የጠቆረ ነበር። እዚያ ለመግባት የማይለምን ወጣት አልነበረም። ደሞዙ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ድርጅት የያዘውን ልጅ ቀበሌ ለብሔራዊ ውትድርና ቶሎ አይጠራውም ይባል ነበር። ከሥልጠና የተባረረ ግን ወዲያው ሥራ ፈት ይባላል፤ ሥራ ፈትን ደግሞ የሰፈሩ አብዮት ጥበቃ ጓድ በመልኩ ያውቀዋል።

አሠልጣኛችን አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ ሲስቅ ድምፅ የማያወጣ ሰው ነበር። ጓድ አሠልጣኝ እንለው ነበር። ሥራውን ያውቃል፣ ይህን አልክድም። መጋዘኑ ውስጥ ከተበላሸ የጀርመን መኪና የተነቀለ ዳሽቦርድ ጣውላ ላይ መትቶ፣ ከባትሪ ጋር አገናኝቶ፣ መብራቶቹን አንድ በአንድ እያበራ ይጠይቀን ነበር። በጣም የሚያስቸግሩን ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱም ምልክታቸው የፋኖስ ግማሽ ይመስላል። ረጅም መብራት ሰማያዊ ነው፤ ጨረሮቹ ወደ ግራ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። የፊት የጉም መብራት አረንጓዴ ነው፤ እሱም ወደ ግራ ያያል፣ ጨረሮቹ ግን ወደ ታች ያዘነብላሉ፣ በላያቸውም የተጠማዘዘ መስመር ያልፋል። የኋላ የጉም መብራት ብርቱካናማ ቢጫ ነው፤ ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሮ፣ ጨረሩ ቀጥ ያለ ሆኖ በተጠማዘዘው መስመር ይቆረጣል።

ረጅሙን ከሌላው ያምታታ ሰው ቅጣቱ የታወቀ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ካለው መኪና ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። በሩ ይዘጋል። ጓድ አሠልጣኝ ረጅሙን ያበራበታል።

"ዓይንህን ከጨፈንክ እንደገና እጀምራለሁ" ይላል ከጋቢናው ውስጥ። "ከፊትህ የሚመጣውን ሾፌር እንዲህ ነው የምታሳውረው። ስንት ሰው ገደልክ አሁን? ቁጠር!"

አንዱን የደብረ ዘይት ልጅ እንባው እስኪወርድ አቁሞት፣ ሲወጣ በሩን ስቶ ከጎማ ክምር ጋር ሲጋጭ ሁላችንም ሳቅን። እሱም ሳቀ። ያልሳቀ ቀጥሎ ይጠየቃል።

የወንጂው ልጅ ግን አንድም ቀን ግድግዳው ላይ አልቆመም። አባቱ ከከምባታ መጥተው ሸንኮራ ሲቆርጡ ያረጁ ሰው ናቸው፤ እሱ በእርሻው ትራክተር ላይ ነው ያደገው። ጣውላው ፊት ሲቆም አንገቱን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ለአፍታ ያይና ይመልሳል፤ መልሱ አይሳሳትም። እኛ ቀለሙን ብቻ ይዘን በችኮላ ስንጮህ እንስታለን። እሱ የጨረሩን አቅጣጫ ነው የሚያየው። አስጠናኝ ብዬው ጎን ለጎን ስለምንቀመጥ ጓደኛዬ ሆነ። ለምን ያን ያህል እንደሚጠጋ አልጠየቅኩትም።

ክረምቱ መሀል ላይ ወደ አሰላ ወጣን። ናዝሬት ጉም አይገባትም፤ የጉም መብራት የሚማር ሰው ዳገቱን መውጣት አለበት። መሪውን የያዘው የወንጂው ልጅ ነበር፣ እኔ መሀል፣ ጓድ አሠልጣኝ በር ጋ። ሌሎቹ ከኋላ በሸራ ሥር ተቀምጠዋል። ኢተያን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ጉሙ ከማሳው ተነሥቶ መንገዱን ዋጠው።

ልጁ አጭር መብራት ላይ እንዳለ የግራውን ማብሪያ ሳበ። ከዳሽቦርዱ ሥር አንድ ነገር ጠቅ አለ፣ የፊቱ የጉም መብራት በራ። መብራቱ ከመከላከያው ላይ ዝቅ ብሎ ስለተገጠመ የአስፋልቱን ዳር ያሳያል።

"ረጅሙን አብራው እንጂ፣ ምን ታንቀላፋለህ?" አለ ጓድ አሠልጣኝ።

"ጓድ፣ ጉሙ መልሶ ዓይናችን ላይ ይረጨዋል።"

"እኔን ታስተምረኛለህ?" እጁን ሰዶ ራሱ አበራው። ፊታችን ነጭ ግድግዳ ሆነ፤ መንገዱም ዳሩም ጠፋ። ልጁ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ መሪውን ሳያዛንፍ፣ ረጅሙን አጠፋው። ጓድ አሠልጣኝ ድምፅ በሌለው ሳቁ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ለፈተና ነው ያደረገው። ገደል ዳር ቢሆንም ያደርገው ነበር።

ጉሙ ሲብስ፣ ከፊታችን ይሄድ የነበረ አንድ አውቶቡስ ጀርባው ጭራሽ ሲጠፋ፣ ልጁ የቀኙን ማብሪያ ሳበ። ይኼኛው ጠቅ አላለም። የኋላው ቀይ የጉም መብራት በራ። አሰላ ልንደርስ ስንል ጉሙ ሳሳ፤ አውቶቡሱ እንደገና ታየ። ልጁ መጀመሪያ የኋላውን አጠፋ።

"ለምን ቸኮልክ?"

"እንደ ፍሬን መብራት ደማቅ ነው፣ ጓድ። አየሩ ከጠራ ከኋላ ያለውን ያሳውረዋል፤ ፍሬን ስይዝም ከዚያ አይለይለትም።"

"ጎበዝ" አለ ጓድ አሠልጣኝ። ከእሱ አፍ ያን ቃል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም ለእኔ የተባለ ያህል ደስ አለኝ።

ስንመለስ ዴራ ላይ ቆምን። ሴቶች ቲማቲም በመንገዱ ዳር ቆልለው ይሸጣሉ፤ ቀይም አረንጓዴም የተቀላቀለበት ነው። እኛ ቀያዮቹን እየለቀምን ስንከፍል የወንጂው ልጅ እያንዳንዱን በአውራ ጣቱ እየተጫነ ቀረ።

"አንተ ልጅ፣ ልትገዛ ነው ልታሽ?" አለችው ሻጭዋ። "ዓይን የለህም እንዴ?"

ሌሎቹ ሳቁ። ጓድ አሠልጣኝ አልሳቀም። መጥቶ አንድ ቲማቲም አነሣና ከልጁ ፊት ያዘ።

"ይህ ምን ዓይነት ነው፣ የበሰለ ነው ጥሬ?"

ልጁ እጁን ዘረጋ።

"በእጅህ አይደለም። በዓይንህ።"

ልጁ እጁን መለሰ። ጓድ አሠልጣኝ ቲማቲሙን ገምጦ ተፋው፤ ጥሬ ነበር። እስከ ናዝሬት ድረስ ደስ ያለው ይመስል ነበር።

ያን ምሽት ልጁ ነገረኝ። አረንጓዴና ብርቱካናማ ለእሱ አንድ መልክ ናቸው፤ ሰማያዊው ብቻ ይለያል። "ምልክቱ እያለ ግን ቀለም ምን ያደርግልኛል?" አለኝ። እኔም አንተ ከሁላችን ትበልጣለህ፣ አይነኩህም አልኩት። አምኜ ነው ያልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ጓድ አሠልጣኝ ሁላችንንም ግቢው ጥግ ወደቆመ አሮጌ መኪና ወሰደን። ፀሐይና የመጥረጊያ ጨርቅ የዳሽቦርዱን ምልክቶች ፈጽሞ አጥፍተዋቸዋል፤ የቀሩት ባዶ ባለቀለም ነጥቦች ናቸው። እነሱም እንደሌሎቹ መኪኖች አልተደረደሩም፤ ያ መኪና ስንት ጊዜ እንደተፈታ የሚያውቅ የለም።

"ኮቱ፣ ና፣ ጥሬ!" አለ። ከትናንቱ ቲማቲም ስም ወጥቶለት አድሯል። "ግባና ተቀመጥ። እናንተ በሩ ጋ ቁሙ። ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሄዶ መብራት ያየ ከእሱ ጋር ይሄዳል።"

ባርኔጣውን አውልቆ ሁለቱን የጉም መብራት ማብሪያዎች ሸፈነባቸው። ከባርኔጣው ሥር እጁን አስገብቶ አንዱን ሳበ። ነጥቡ በራ። አረንጓዴ ነበር።

"ምንድን ነው የበራው?"

ልጁ ጥቂት አሰበና "የፊት የጉም መብራት" አለ።

ጓድ አሠልጣኝ ደነገጠ። አጠፋና ያንኑ መልሶ አበራ። ልጁም ያንኑ መለሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያበራ ግን ጓድ አሠልጣኝ ራሱ ጆሮውን ወደ ዳሽቦርዱ አቀረበ፣ ያን ጊዜ ገባው። የፊቱ ጥንድ መብራት ብዙ ኃይል ስለሚስብ በሪሌ፣ ኃይሉን በሚያገናኝ ትንሽ ሣጥን፣ ነው የሚበራው፤ ሪሌው ጠቅ ይላል። የኋላው አንዲት አምፖል ናት፤ ድምፅ የላትም። ልጁ የሚሰማው ያንን ነው።

"ጎረምሶች፣ መፈክር!" ብሎ ወደ እኛ ዞረ። "ጮክ ብላችሁ! ያልጮኸውን አያለሁ።"

ጮኽን። ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር የሚለውን ቀኝ እጃችንን እያነሣን ጮኽን። የደብረ ዘይቱ ልጅ ከሁሉ አብልጦ ጮኸ። እኔም ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ፤ የወንጂው ልጅ አፌን ሲያይ አየሁት።

ነጥቡ በራ።

"ምንድን ነው?"

"ወርጄ ልይ፣ ጓድ።"

"ጉም ውስጥ እየነዳህ ትወርዳለህ?"

"ጉም ውስጥማ ያበራሁት እኔ ነኝ። ያበራሁትን አውቀዋለሁ። ትናንት አይተውኛል።"

"የጠየቅኩህን መልስ። መፈክር አይቋረጥ!"

ልጁ ነጥቡ ግንባሩ ላይ እስኪያንጸባርቅ ድረስ ፊቱን አስጠጋ። በመጨረሻ "የፊቱ" አለ።

ብርቱካናማ ነበር። ጓድ አሠልጣኝ እጁን አነሣና ጩኸታችን ቆመ።

"ሰማችሁ? ጠራራ ፀሐይ ላይ የኋላ የጉም መብራት አብርቶ አዲስ አበባ ድረስ ሊሄድ ነው፤ የፊቱን ያበራ መስሎት። ሕዝቡን አሳውሮ!" ከዚያ ባርኔጣውን አንሥቶ ራሱ ላይ ደፋ። "በል አጥፋውና ውረድ።"

የወንጂው ልጅ ዳሽቦርዱን እንኳ አላየም። ጣቱን በሁለቱ ማብሪያዎች ላይ አሳለፈ፤ የተሳበውን፣ የቀኙን፣ አገኘውና ገፋው። ነጥቡ ጠፋ።

ዓይን ሐኪም ዘንድ ልኮት በወረቀት ቢያሰናብተው ኖሮ እኔም ደንብ ነው ብዬ ዝም እል ነበር። ልጁ ግን በእኛ ድምፅ ነው የተባረረው። ከሰዓት በኋላ ሥልጠናው ቀጠለ፤ ጓድ አሠልጣኝ ስለ ፍሬቻ አስተማረን።

ክረምቱ ሳይወጣ ልጁን ከናዝሬት አውቶቡስ መናኸሪያ ይዘው ለውትድርና ወሰዱት። የሥራ መታወቂያ ተጠይቆ አልነበረውም። የማትሪክ ውጤቴ መጥቶ ሥልጠናውን ስተው፣ በማደሪያችን የቀረውን የልጁን ብርድ ልብስ ይዤ ወንጂ ሄድኩ። እናቱን በሠራተኞች መንደር፣ በራቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

"ምን አጥፍቶ ነው ያባረሩት?" አሉኝ።

"ምንም አላጠፋም፣ እማማ። መልክ አይለይም ብለው ነው። አረንጓዴና ብርቱካናማ።"

"እሱን እኔም አውቃለሁ። ከልጅነቱ ነው።" ብርድ ልብሱን ተቀብለው ደረታቸው ላይ ያዙት። "ማታ ይነዳል? ጉም ውስጥ ይነዳል?"

"ከሁላችን ይበልጥ ነበር።"

"ታዲያ ለጦሩ ሲወስዱት ዓይኑን አላዩትም?"

ቢያንስ ይህን ልንገርዎ ብዬ፣ እዚያ ልብስም ብርድ ልብስም ይሰጧቸዋል አልኳቸው። ሰው ሲል የሰማሁት ነው፤ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። እሳቸው "እንግዲያ ይህን ለታናሽ ወንድሙ አደርገዋለሁ" አሉና ብርድ ልብሱን ይዘው ወደ ቤት ገቡ።