አዲስ አፈር፣ የበልግ ቡቃያ

ቻይና ስማር ሳለሁ እናቴ ሞተች፤ አልነገሩኝም። ስደውል አንዴ ገበያ ሄደች፣ አንዴ ተኛች ይሉኛል። ጨርሼ ስመለስ ጎረቤት ቤት አሳድረው በማለዳ አረዱኝ። ከተቀበረች ስምንት ወር ሆኗት ነበር።

ሩቅ ላለ ሰው መርዶ እንደማይላክ አውቃለሁ። ግን ስልኩን ያነሱ የነበሩት አባቴ ናቸውና ቂሜን ሁሉ በእሳቸው ላይ ጣልኩት። ቦሳ ኪቶ ሰፈር አንድ ቤት እየኖርን ከእራትና ከዓይን ጠብታቸው በቀር ወሬ አልነበረንም። መቃብሯ ጋ እንሂድ ሲሉኝም እምቢ አልኩ።

አባቴ ሰኮሩ ከተማ አማርኛ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። በተመለስኩ በዓመቱ አንድ እሑድ፣ ከተማርሽው የቻይና ግጥም አንዱን በአማርኛ አሰሚኝ አሉኝ። ገጣሚው የማይታወቅ፣ በአራት ስንኝ ያለቀ አሮጌ ግጥም መረጥኩ። እልህ ይዞኝ ነው የመረጥኩት።

እያንዳንዱ ስንኝ አምስት ፊደል ነው፤ ከሁለተኛው በኋላ ትንፋሽ ይወሰዳል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ፊት ለፊት የቆሙ ናቸው፦ አሮጌ ለአዲስ፣ በር ለአፈር፣ መክፈት ለማብቀል፣ የሌሊት ዝናብ ለበልግ ቡቃያ። ዜማቸው እንኳ ተቃራኒ ነው፤ ላይኛው ድምፁን ሲያዘነብል ታችኛው ደልደል ያደርገዋል። ያንን በአማርኛ ማምጣት ስላልቻልኩ ቢያንስ የቀለሙ ቁጥር እኩል ይሁን ብዬ ለፋሁ።

«አሮጌ በር ከፍቶ፥ ለሌሊት ዝናብ፤
አዲስ መቃብር አብቅሎ፥ የበልግ ቡቃያ።»

አባቴ በጣታቸው ሲቆጥሩ ቆዩ።

«ሜ፣ እስቲ ድገሚው» አሉ። ደገምኩት። «ሁለተኛው ያነክሳል። ደግሞ በር ተራ ነገር ነው፣ ጓደኛው መቃብር አይሆንም። ቻይናው ያለው ምንድን ነው?»

«አዲስ አፈር ነው ያለው።»

«እንግዲያው አፈር በይው። ሰሚው ራሱ ይድረስበት።»

አፈርኩ። ያቺን ቃል የጨመርኳት እሳቸውን ለመውጋት ነበር። አፈር ብንል እንኳ «አብቅሎ» አንድ ቀለም ይተርፋል። ብዙ አሰቡና «አዝሎ» አሉ። ማብቀሉ ተሸፈነ፣ ልኩ ግን ገጠመ፦ ስድስትና አምስት፣ ስድስትና አምስት።

«አዲስ አፈር አዝሎ፥ የበልግ ቡቃያ።»

መልሼ አነበብኩላቸው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው ተናገሩ።

«እንዳትነግራት ብላ ያስማለችኝ እናትሽ ናት። ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትሰማ አለች።»

ለምን እስካሁን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኳቸው።

«እሷን ትቀየሚያለሽ ብዬ። እኔን ብትጠዪኝ ይሻላል፤ እኔ አለሁ፣ ትታረቂኛለሽ።»

እግራቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ። በማግስቱ ክንዳቸውን ይዤ መቃብሯ ጋ ሄድን። አፈሩ አዲስ አልነበረም። ሁለት በልግ አልፎበት ሣሩ እስከ ጉልበቴ ደርሷል፤ የትኛው የእሷ እንደሆነ የነገሩኝ አጥርተው የማያዩት አባቴ ናቸው።